ቀስ ብሎ የተሞላው ታንከር

ሰው ስህተቴን ሲነግረኝ መጀመሪያ የምሠራው ሥራ መቆጣት ነው። ሰቆጣ ውሃ ቢሮ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ያውቁታል፤ አንዳንዱማ ጥፋቴን ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎልኝ ውልቅ ይላል። ያን ዓመት ግን ነጋሪዬ ጥሎ የሚወጣ ዓይነት አልነበረም።

ደሃና ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደር በላይ፣ የውሃ ታንከር እያስገነባን ነበር። ንድፉ የእኔ ነው። ምንጩ ከገደል ሥር ይፈልቃል። ከምንጩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለችው ጠፍጣፋ ቦታ በቀር ሌላ ሜዳ ስላልነበረ ታንከሩን እዚያው አቆምነው። አፈሩ ከላይ ደረቅ ይመስላል፤ አንድ ክንድ ሲቆፈር ግን ግራጫ፣ እርጥብ ሸክላ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ይላል። ይህን አይቻለሁ። ናሙና ልኬ አስመርምሬ፣ ስሌቴን ሠርቼ፣ «መሠረቱ ይሸከማል» ብዬ ፈርሜያለሁ።

የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እኔ እማማ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከታች ካለው ወንዝ ውሃ ሲሸከሙ ኖረው ወገባቸው ጎብጧል። ከእኛ በፊት ሌሎች ሰዎች መጥተው፣ ለክተው፣ ጽፈው፣ እንደወጡ ቀርተዋል። ስለዚህ እኛ ስንመጣ ድንጋይ የሚያቀርብልን ሰው ጠፋ። እማማ ናቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው፣ «ለግንቦት ልደታ ውሃ ካልጠጣችሁ ከሰብሳቢነቱ አውርዱኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቃሌን አትስሙ» ያሉት። ሕዝቡ በእሳቸው ቃል በጋውን ሙሉ በአህያና በትከሻ ድንጋይ አመላለሰ።

ልደታ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ መጣ። የአፈር ምርመራ ቤት ነው የሚሠራው፤ የመጣውም ያዋሰኝን መሣሪያዎች ሊወስድ ነው። ታንከሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ እየቆረጠምን፣

«ለመሙላት ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለኝ።

«አራት ቀን። ምንጩ ጎበዝ ነው።»

ማኘኩን አቆመ። «በስሌትሽ የትኛውን ጥንካሬ ነው የወሰድሽው? የድሬንዱን ነው እንዴ?»

«ምርመራ ቤቱ የላከልኝን ነዋ!»

«ምርመራ ቤቱ የጠየቅሽውን ነው የላከልሽ። ያ ናሙና እኮ ውሃው እንዲወጣ ጊዜ እየተሰጠው በዝግታ ነው የተገፋው። አንቺ እዚህ ሸክላ ላይ ሙሉውን ሸክም በአራት ቀን ልትጭኚ ነው።»

ወይኔ! ተማሪ ሳለን ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ መልሼው አውቃለሁ። እርጥብ ሸክላ ላይ ሸክም ቶሎ ሲመጣበት በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ሸክሙን ራሱ ውሃው ይይዘዋል፤ ቅንጣቶቹ አይጠጋጉም፤ አፈሩም ከበፊቱ አይጠነክርም። ይህ አንድሬንድ የሚባለው ጥንካሬ ነው። ጊዜ ካገኘ ውሃው በሳምንታትና በወራት ተጨምቆ ይወጣል፣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ አፈሩ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ ድሬንድ የሚባለው ጥንካሬ ይሠራል። ስለዚህ ለስላሳ ሸክላ ላይ ለቆመ መሠረት ክፉው ቀን የመጀመሪያው ሰሞን ነው። እኔ የኋለኛውን ጥንካሬ ለመጀመሪያው ቀን ሰጥቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተቆጣሁ። «አንተ ደግሞ! እዚህ ድረስ የመጣኸው ልታሸብረኝ ነው?» አልኩት። እሱ ከመሣሪያዎቹ መካከል አራት ክንፍ ያለውን ብረት አነሳ፣ ቬን ነው የምንለው፣ ከታንከሩ ጠርዝ ሥር ሸክላው ውስጥ ሰካውና ከላይ በመያዣው ቶሎ አዞረው። አፈሩ እስኪቆረጥ የሚፈልገው ኃይል፣ ውሃው መውጫ ጊዜ ሳያገኝ ያለውን ጥንካሬ ያሳያል። መለኪያውን አሳየኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ ጀርባው ላይ አሰላሁት። ታንከሩ ባንድ ጊዜ ከሞላ አፈሩ ለክፉ ቀን የሚተርፍ አቅም የለውም፤ ባንድ ጎን ሰምጦ በሌላው ጎን ሊነሳ፣ ታንከሩም ሊያዘነብል ይችላል። ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ያው ነው።

እማማን አስጠርቼ ነገርኳቸው። ፈርቼ እንዳላቋርጥ ቶሎ ቶሎ ነው የተናገርኩት፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ለልደታ ታንከሩን መሙላት እንደማንችል።

«እኔን ውሸታም አደረግሽኝ ማለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ወደ ቬኑ ሄደው መያዣውን ያዙት። ያ የደከመ እጃቸው ሲያዞረው ዞረላቸው። «እግዚኦ! የሚሸከመን ይሄ ነው?» አሉ። ቀጥለው፣ «ውሃው እስኪወጣ ነው ያልሽኝ? አፈሩ ሲጨመቅ?»

«አዎ እማማ። ጥቂት ጭነን ከጠበቅነው ይጠነክራል። ከዚያ መጨመር ነው።»

«ታዲያ አይብ አይደለም እንዴ!» አሉ። «በጨርቅ የቋጠርሽው አይብ ላይ ትልቁን ድንጋይ ባንዴ ብትጭኚበት በጎን አምልጦሽ ይወጣል። ትንሿን ትጭኛለሽ፣ አጓቱ ይንጠባጠባል፣ አይቡ ይጠብቃል፣ ከዚያ ትልቁን ትደግሚያለሽ። ይህን ለመናገር ነው የምታለቅሽው?»

ጓደኛዬ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ቢያስተምሩን ኖሮ አንረሳውም ነበር» አለ። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ታንከሩ እንደ አይቡ በጥቂት በጥቂቱ እንደሚጫን ለሕዝቡ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰውዬ ከኋላ ሆኖ፣ «ልደታ ደረሰች እኮ፣ ቃልዎ የታለ?» ብሎ ጮኸ። «ውሃ ትጠጣለህ ነው እንጂ ታንከሩ እስከ አፉ ይሞላል አላልኩህም!» አሉት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አይብ የማታውቅ ሴት እዚያ አልነበረችም።

የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦውን አውርደን የታንከሩ ሲሶ ላይ አደረግነው፤ ከዚያ በላይ ልሙላ ቢልም እንዳይችል። ለልደታ የመንደሩ ቦኖ ተከፈተ። ሲሶ ታንከርም ቢሆን ጀሪካን ይሞላል! እማማ የመጀመሪያውን ቀድተው፣ ለዚያ ለጮኸው ሰውዬ በእጁ ሰጡት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መመላለስ ሆነ። ሸክላው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተክለናል፤ ሸክም ሲጨመርበት በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ ሲጨመቅ ደግሞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ክረምቱ እንዳያሳስተን ከታንከሩ ራቅ አድርገን ሌላ ቱቦ ተክለን እያስተያየን እንለካ ነበር። የሁለቱ ውሃ እኩል ሲሆን ቬኑን እንደግማለን፣ ስሌቱን እናያለን፣ መውጫ ቱቦውን ከፍ እናደርጋለን። በጥቅምት አንድ ጊዜ ከፍ አደረግነው። ታንከሩ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ፤ ግን ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በመጋቢት ቱቦውን ለመጨረሻ ጊዜ ከፍ ልናደርግ ስንዘጋጅ እማማ ዳገቱን በዱላ ወጡ። «አምጡት ያን ብረት» አሉ። ጓደኛዬ እዚያው ታንከሩ ጠርዝ ሥር ሰካላቸው። መያዣውን ያዙ፣ ጎተቱ፤ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ደግመው ጎተቱ። ንቅንቅ አላለም።

«እምቢ አለኝ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ቱቦውን ከፍ ካደረግን በኋላ፣ ሕዝቡም እየቀዳ፣ በአምስተኛው ቀን ታንከሩ ሞላ፤ ውሃው በላይኛው ቱቦ ወጥቶ መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ። እኔ እንደ ልማዴ፣ «ኧረ ውሃው እየባከነ ነው፣ ምንጩን ዝጉ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተይው በሞቴ» አሉኝ እማማ። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ከሚፈሰው ውሃ ሥር አደረጉ። «ውሃ ሲተርፈኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»