አሜን የምትልበት ቦታ

ታናሽ እህቴ ለሁለት ዓመት የቤት ሠራተኝነት ኮንትራት ወደ ጆርዳን የሄደችው ቪዛዋ በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ሥልጠናዋን ጨርሳ፣ የጤና ምርመራ አድርጋ፣ አሻራ ሰጥታ አዲስ አበባ ስትጠብቅ ከወር በላይ ሆኗት ነበር። ቪዛው ሲመጣ ላሊበላ መጥታ ተሰናብታን እንደምትመለስ ነበር ያሰበችው። ኤጀንሲው ግን የደወለላት ትኬቱን ከቆረጠ በኋላ ነው። ፓስፖርቷንም የሚሰጧት በበረራው ቀን፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ነው ተባለች።

አባታችን ይህን የሰሙት በዋዜማው ማታ ነው። የሚኖሩት እኛ ካለንበት ከላሊበላ ከተማ አምስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ መንደር ሲሆን፣ እዚያ ስልክ ይጠራል እንጂ ኢንተርኔት የለም። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጅቱ ሳትመረቅ አትሄድም» አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

በረራዋ ለአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ወዲያው ደወልን። «ሄሎ»፣ «ሄሎ»፣ «ይሰማሻል?» ተባብለው ተቋረጠ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ከእህቴ አጭር ጽሑፍ መጣ፦ «ጋሼ ሰልፍ ላይ ነን፣ ስልክ አትደውሉ እያሉን ነው። ሻንጣ ካስገባን በኋላ ውስጥ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ ዋይፋይ አለ። አባባ በድምፅ ይላኩልኝ፣ ሳልሳፈር እሰማዋለሁ።»

ሳትሳፈር መስማቷ ዋና ነገር ነበር። እዚያ ስትደርስ የአገር ቤቱ ሲም አይሠራም። አዲስ ሲም መቼ እንደምታገኝ፣ አሠሪዎቿም ስልክ ይፈቅዱላት እንደሆነ አናውቅም። አንዳንድ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚፈቀደው። እኔ የራሴን ስንብት ጠዋት በጽሑፍ ልኬ ነበር፦ የኮንትራትሽን ቅጂ ለብቻ አስቀምጪ፣ የፓስፖርትሽን ፎቶ ለእኔም ላኪ፣ የኤምባሲውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። የመለሰችልኝ «ጋሼ፣ ዜና ነው እንዴ የላክህልኝ?» ብላ ነው።

አባታችን ተጣጥበው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። ምርቃት ተቀምጦ አይሰጥም። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። ለሬዲዮ ስሠራ ብዙ ሽማግሌ ቀድቻለሁና አያያዙን አውቃለሁ።

«ልጄ፣ ሄደሽ በሰላም ተመለሽ» አሉና ዝም አሉ።

«አሜን!» አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

አባታችን ዞር አሉ። «አንቺ የት ልትሄጂ ነው?»

«ኧረ የትም አልሄድ አባባ፤ አፌ ለምዶብኝ ነው።»

«በይ የልጅቱን አትውሰጅባት። ያንቺ ሌላ ቀን ይደርሳል።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እንደገና ጀመርን። ሁለተኛው ቅጂ አራት ደቂቃ ተኩል ፈጀ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የምታድሪበትን ቤት ሰዎች ልብ ያራራልሽ። በመሃል ደግሞ ከሌላ ሰው ሰምቼው የማላውቀው መጣ፦ «የፎቅ መስኮት ስትወለውይ እጅሽን ያጽናው፣ እግርሽን ያጽናው።» የጎረቤታችን ልጅ እዚያው አገር ስታጸዳ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ነበር፤ ተርፋ ብትመለስም ታነክሳለች። ይህ በልባቸው እንደነበረ እስከዚያ ሰዓት አላወቅሁም።

ጨርሰው ሲቀመጡ ድምፁን ከፈትሁት። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ አራት፣ አምስት ሰከንድ ዝምታ አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ መቁረጥ ሥራዬ ነው። ኔትዎርኩ ደካማ ነው፣ ፋይሉ ይነስ፣ እሷም ሰልፍ ላይ ናት፣ ይጠርላት ብዬ በስክሪኑ ላይ ዝምታውን የሚያሳየውን ጠፍጣፋ መስመር ሁሉ ቆረጥሁ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ ጥርት ያለ ሆነ። ላክሁትና አንድ ምልክት ታየ፦ ከእኔ ወጥቷል፣ እሷ ጋ ገና አልደረሰም።

«እስቲ አሰማኝ» አሉኝ።

አሰማኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ምን አባሮኝ ነው እንዲህ የምሮጠው?»

«መሃሉ ላይ ዝም ያሉበትን አውጥቼው ነው፣ አባባ።»

«የት ላይ አሜን ትበል ታዲያ?»

ልጅ ሆነን እሳቸው ሲመርቁ ጎንበስ ብለን ተራችንን ስንጠብቅ እኔም ነበርሁበት። መራቂው ይላል፣ ተመራቂው አሜን ይላል፣ ያኔ ነው ወደ ሚቀጥለው የሚታለፈው። አሜን ያልተባለበት ምርቃት ለእሳቸው ወሬ ነው። እኔ የእህቴን ድርሻ እንደ ባዶ ቦታ ቆርጬ ጥዬው ነበር።

«እሷ ጋ አልደረሰም፤ አጠፋዋለሁ» አልኋቸው። መልእክቱን ተጭኜ ከሁለታችንም ስልክ እንዲጠፋ አደረግሁና ያልተቆረጠውን ላክሁ። የመላኪያው ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ ግማሽ ላይ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

ዋይፋይ ያለው ሆቴል ከእኛ ቤት በላይ ነው። አባታችንን ይዤ በባጃጅ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ከሁለት አስጎብኚዎች በስተቀር ሰው አልነበረም። ሻይ አዝዘን የይለፍ ቃሉን ተቀበልሁ። ፋይሉ ባንድ ጊዜ ሄደ። አንድ ምልክት። ትንሽ ቆይቶ ሁለት። የአባታችን ሻይ ፊታቸው ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ከአርባ ላይ ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ።

«ከፍታዋለች» አልሁ።

«ሰማችው?»

«ከፍታዋለች ነው የማውቀው፣ አባባ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ከእሷ ድምፅ መጣ። ርዝመቱ አራት ደቂቃ ተኩል ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትሁት። መጀመሪያ የተሰማው የሴቶች ጫጫታ፣ የሻንጣ ጎማ፣ ከዚያ ከሩቅ፣ ቅጥን ብሎ፣ የራሳቸው የአባታችን ድምፅ ነው። እየሰማች በዚያው ስልክ መቅዳት አይቻልም፤ አጠገቧ ባለች ልጅ ስልክ ላይ ከፍታ፣ በራሷ ስልክ የቀዳችው መሆን አለበት።

«ሄደሽ በሰላም ተመለሽ።»

«አሜን» አለች እህቴ። ድምፅዋ እርጥብ ነው።

«እግርሽን እንቅፋት አይምታው።»

«አሜን»፤ አሁን ሁለት ሆኑ። ባለስልኳ ሳትሆን አትቀርም። የአባታችን ድምፅ ስለ መስኮቱ ሲደርስ የልጆቹን ቁጥር መለየት አቃተኝ፤ ብዙ ልጆች አንድ ላይ «አሜን» አሉ፤ አንዷ ዘግይታ ለብቻዋ ደገመችው። ጫጫታው ጠፍቶ ነበር።

አባታችን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስኪያልቅ ሰሙ።

«ስንት ናቸው?»

«አይታወቅም። ከአንድ ኤጀንሲ አብረዋት የሚሄዱ አሉ።»

«የእነሱ አባቶችስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ወይ ጉድ! ‹ልጄ› እያልሁ ለአንዷ ብቻ ስናገር!» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ቀድመህ ብትነግረኝ ‹ልጆቼ› እል ነበር። በል ያዝልኝ።»

አሥር ሰዓት አልፏል። የቀረው ጊዜ ትንሽ መሆኑን ልነግራቸው ፈልጌ ተውሁት። አስጎብኚዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባታችን ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆነው «ልጆቼ» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እያንዳንዱን ብለው ይጠብቃሉ፣ ብለው ይጠብቃሉ። መጨረሻ ላይ በፊተኛው ያልነበረ አንድ ምርቃት ጨመሩ፦ «እርስ በርሳችሁ አያጣላችሁ።»

ላክሁት። አንድ ምልክት ታየ፤ እዚያው ቆመ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አሁንም አንድ ነው።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም። ስልኳን ስትከፍት፣ ኢንተርኔት ስታገኝ ነው የሚደርሳት። ነገም ሊሆን ይችላል፣ የሳምንት ጉዳይም ሊሆን ይችላል።»

«ግድ የለም፤ የእሷን አሜን ሰምቻለሁ። ይኼኛው ቀድሟቸው ሄዶ ይጠብቃቸው» አሉና ሻዩን እንዲያሞቁላቸው ጠየቁ።