የተቆረጠው የእናት ቃል

ወንፊት ይሉታል። የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እሱም ቅር አይለውም። የሬዲዮ ዜና አርታኢ ሆኖ ሲያረጅ ጉድፍ ያለበት ዓረፍተ ነገር በጠረጴዛው ላይ አልፎ አያውቅም። ጡረታ ወጥቶ እፎይ ሳይል የምርጫ ቅስቀሳ ቪዲዮ የሚሠራ ስቱዲዮ ጽሑፍ እንዲያርምለት ቀጠረው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰው ግን ያበግናል። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ በየዓረፍተ ነገሩ ላይ ቆም ይልና ማስረጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ ይላል። ማስረጃ የሌለው ይወጣል፤ ወይም በሚታወቀው ልክ እንደገና ይጻፋል።

የዚያን ቀን ጽሑፍ ስለ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ ማዋለጃ ክፍሉ ማታ ማታ እንዲዘጋ ወስነዋል። ሰብሳቢውን የሚፎካከሩት እጩ፣ የቀድሞ የፋርማሲ ባለሙያ የሆኑ ሴት፣ ክፍሉን አስከፍታለሁ ብለው ተነስተዋል። ጠረጴዛው ዙሪያ እጩዋ፣ አፉ የማያርፈው ወጣት ዳይሬክተርና ወንፊት ተቀምጠዋል።

«ሰብሳቢው ለእናቶች ነፍስ ደንታ የላቸውም» ብሎ አነበበ ወንፊት። «ልባቸውን ማን ከፍቶ አየው?»

«ጋሼ፣ ቅስቀሳ እኮ ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«እንግዲያው እንቀስቅስ» አለና ወንፊት ጻፈ፦ «ክቡር ሰብሳቢው ክፍሉ የተዘጋው በጀት ስላነሰ መሆኑን ለምክር ቤቱ አስረድተዋል። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወዴት ትሂድ ብለን በጽሑፍ ጠይቀናቸዋል። መልስ አልደረሰንም።» የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤም የጥያቄው ግልባጭም እጃቸው ላይ ነበር። እጩዋ ደግመው አነበቡትና ከስድቡ ይህ ይከብዳል አሉ።

ቀጥሎ «በአንድ ዓመት አርባ እናቶች ሞቱ» የሚል መጣ። ዳይሬክተሩ ከሰው ነው የሰማሁት አለ። ጤና ቢሮ ተደወለ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም ተባለ። ዓረፍተ ነገሩ ተሰረዘ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን የወንፊት ድምፅ ሰለለ። በቪዲዮው የምትናገረው እናት የገዛ ሚስቱ ናት። አንድያ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ምጥ ይዟት ሌሊት ቢሄዱ ማዋለጃ ክፍሉን ተዘግቶ አገኙትና ወደ ሆስፒታል ተወስዳ እዚያ ከነጽንሷ አረፈች። ሚስቱ ካሜራው ፊት ቁጭ ብላ «ክፍሉ ክፍት ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ በሕይወት ነበረች» ብላለች።

«ይሄስ ይለፍ ጋሼ» አለ ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ። «የእናት ቃል ነው።»

«ለቅሶ ቤት ብትለው የራሷ ነው። እኛ ሙዚቃ አልብሰን ስናወጣው የእኛ ክስ ይሆናል።»

ከቀብሩ በኋላ ለብቻው ሄዶ የሆስፒታሉን ሐኪም ጠይቋል። ሐኪሙ ቀድማ ብትደርስ ልትተርፍ ትችል ነበር፣ ላትተርፍም ትችል ነበር፣ እርግጡን መናገር አልችልም ብሎታል። ለሚስቱ አልነገራትም። እሷ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ተደግፋ ነበር የምትነሳው፤ ሰው ሲያጽናናት ሳይሆን እሱን ስትናገር ነበር ትንሽ የሚቀላት። እንዴት አድርጎ ከእጇ ይንጠቃት?

ያም ሆኖ ሰረዘው። «ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር» ያለችውን እንዳለ ተወው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ባለማኅተም ማስታወቂያ ምስክር ነው። ከሥሩ ለተራኪው አንድ መስመር ጨመረ፦ «ክፍሉ ክፍት ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር አናውቅም። በሩ ተዘግቶ እንደነበር ግን እናውቃለን። ማንም እናት ዳግመኛ የተዘጋ በር እንዳይገጥማት ድምፅዎን ይስጡ።» እጩዋ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። ዳይሬክተሩም ይህን ጊዜ አልተከራከረም።

ስቱዲዮው ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት በውስጡ ለተናገረው ሰው ያሳያል። ከተቀናበረ በኋላ ሚስቱ መጣች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አየችው። ተራኪው «አናውቅም» ሲል ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። እስኪያልቅ ጠብቃ ወደ ባሏ ዞረች።

«ቃሌን ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙን ጠይቀሃል ማለት ነው።»

«ጠይቄዋለሁ። እርግጡን መናገር አልችልም አለኝ።»

«እንዲሁ እንዳለ ይለቀቅ» አለች ለዳይሬክተሩ ዞር ብላ። «ውሸት የለበትም።»

ወንፊት ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። መኪናና ሰው በሚተራመስበት መንገድ ዳር ቆመች፤ እንባዋ ሳትጠርገው ወረደ።

«እስከዛሬ አንድ ሰው ገደላት እያልኩ ነበር የማለቅሰው» አለች። «ማንም ካልሆነ፣ ለቅሶው በማን ላይ ያልቃል?»

ዕድሜ ልኩን የሌላውን ቃል ሲያቃና የኖረው ሰው ይህን ቃሏን ሊያርመው አልሞከረም። እሱም አብሯት አለቀሰ።