አራት ቅጠል ለሁለት ብርጭቆ

ጄላቲንን ያወቅሁት በሰው ቤት ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ለፈረንጅ ባልና ሚስት ምግብ አብሳይ ሆኜ ስሠራ። ማዳም እንግዳ በጠራች ቁጥር የብርቱካን ጭማቂ አርግታ ሳህን ላይ ትገለብጣለች፤ እንግዶቹ ፊት ሲቀርብ ይንቀጠቀጣል፣ እነሱም ያጨበጭባሉ። የሚንቀጠቀጥ ምግብ ምኑ ያስጨበጭባል እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር። እጄ ግን ተማረ።

ጄላቲን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ስስና ደረቅ ቅጠል ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲልፈሰፈስ ይጨመቅና በጥቂት ሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ ከፈላ ጉልበቱ ይደክማል። ከዚያ ከቀረው ፈሳሽ ጋር እየተማሰለ ይቀላቀልና ብርድ ያለበት ቦታ ይቀመጣል። ጥሬ አናናስ ከገባበት ጭራሽ አይረጋም፤ አንድ ጊዜ ይህን ሳናውቅ እንግዳ ፊት ጉድ ሆነናል። ተገልብጦ እንዲቆም ከተፈለገ ለግማሽ ሊትር፣ ማለትም ለአራት የሻይ ብርጭቆ፣ ስድስት ቅጠል ነው። ከብርጭቆው ውስጥ በማንኪያ ለሚበላ አራትም ይበቃል። ማዳም ማድ ቤት ውስጥ ከምትናገረው ሁሉ አንዱን ሳትሰለች ትደጋግመው ነበር። ውሃ ከጨመርሽ ቅጠልም ጨምሪ ትላለች። ከምን እንደሚሠራ ስጠይቃት ከከብት ቆዳና አጥንት ነው አለችኝ። እኔም የጾም ቀን ማንኪያውን መላስ ተውኩ።

አብዮቱ ሲከር ባልና ሚስቱ አገር ለቀው ሄዱ። ሲወጡ ድስቶች፣ አንድ ካፖርትና ጄላቲኑ ያለበትን የቆርቆሮ ጣሳ ሰጡኝ። ጣሳው እስከ ግማሽ ድረስ ሙሉ ነበር። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ያን የሚንቀጠቀጥ ጄሊ የሚሠራ ሰው የለም፤ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩትና ረሳሁት።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜን ወሰዱት። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ከቤት ሲወጣ ሹራቡን እንኳ አልለበሰም ነበር፤ ተመልሶም አልመጣም። እናቴ ማልቀስ ስለተከለከለች ቤት ዘግታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ጠንካራ ሆኜ አይደለም፤ ውስጤ ያለው ነገር ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነው። ሥራ ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ክበብ ውስጥ ወጥ መሥራት ጀመርኩ። የቀበሌ ስብሰባ እሄዳለሁ፤ እጅ አውጡ ሲሉ አወጣለሁ፤ መፈክር ሲባል አፌ ይላል። ሰዎች ጨዋ ልጅ ናት ይሉኝ ነበር። ጨዋነት አልነበረም፤ ድንዛዜ ነበር።

እናቴን ደም ግፊት የጣላት ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ቀኝ ጎኗንና ንግግሯን ወሰደባት፤ ልቦናዋን አልነካውም። የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፣ እሺና እምቢን በግራ እጇ ትነግረኛለች። ሆስፒታል ሐኪሙ አንድ ጉንጭ ውሃ ሰጥቶ ስታስል ካየ በኋላ፣ “ቀጭን ነገር አትስጫት። ወደ ሳንባዋ ይገባል፣ እሱ ነው የሚገድላት” አለኝ።

አጥሚት ወፈር አድርጌ ሰጠኋት፣ ወረደላት። ግን አጥሚት ጥም አይቆርጥም። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ዐይኖቿ እንስራው ላይ ቀሩ። ዝናብ ሲዘንብ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ያን ጊዜ ነው ጣሳው ትዝ ያለኝ። ቅጠሎቹ ደርቀው እንደነበሩ ነበሩ፤ ጄላቲን እርጥበት ካልነካው ዓመታት ይቆያል።

ልኩን ለማግኘት ጥቂት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ቅጠል በአንድ ብርጭቆ ሲሆን ይረጋል፣ ነገር ግን ልስልስ ነው፤ ጄላቲን በሰው ገላ ሙቀት የሚቀልጥ ነገር ስለሆነ፣ እናቴ ቀስ ብላ እስክትውጠው አፏ ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ያስላታል። ሦስት ሲሆን ደግሞ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ካላኘኩት አይሄድም፤ እሷ ማኘክ አትችልም። ሁለት ቅጠል በአንድ ብርጭቆ ልክ ሆነ። በትንሽ ማንኪያ፣ አገጯን ወደ ደረቷ አዘንብዬ፣ ቀዝቃዛውን ሳይሞቅ ስሰጣት ሳይቀልጥ ይወርድ ነበር። ማቀዝቀዣ የለንም። ሲመሽ በረንዳ ላይ እንቅብ ደፍቼበት አሳድረዋለሁ፤ የእንጦጦ ብርድ ሥራውን ይሠራል። መጀመሪያ ያረጋሁላት ባዶ ውሃ ነው። ስትውጠው ዐይኗን ጨፍና ቆየች። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ ማንኪያውን አጠብኩ።

እንዲህ ከረምን። ጣሳው እየጎደለ ሄደ። ፒያሳ ወርጄ ሱቆቹን ሁሉ ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ፣ “ከአብዮቱ በፊት ነበረን” አለኝ። ምን ያልነበረ ነገር አለ፣ ሁሉም ከአብዮቱ በፊት ነበር።

ጣሳው ውስጥ አራት ቅጠል ሲቀር፣ ኅዳር አልፎ የገና ጾም ተጋምሶ፣ እናቴ በግራ እጇ መስኮቱን ታሳየኝ ጀመር። መስኮቱ ወደ እንጦጦ ነው የሚያየው። ብርድ ልብስ ሰጠኋት፣ ጣለችው። መጋረጃውን ከፈትኩ፣ አሁንም እጇን ወደዚያው ዘረጋች። ከዚያ መዳፏን ጽዋ አድርጋ አፏ ላይ አስጠጋች።

“ጠበል ነው እማዬ?”

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሺ ማለቷ ነው። በደህናዋ ጊዜ ባሕር ዛፉን እያቋረጠች በእግሯ ትወጣ ነበር፤ ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ ግን አልሄደችም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የምትታረቀው ጌታ እንዳላት አውቅ ነበር።

የንስሐ አባቷ እሷን ከልጅነቷ የሚያውቁ፣ ጉልበታቸው የደከመ ቄስ ነበሩ። ሄጄ ነገሩን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ቀጭን ውሃ እንደሚያንቃት፣ የማረጋበት ነገር ከከብት አጥንት እንደሚሠራ፣ ወቅቱም ጾም እንደሆነ።

“ሕመምተኛ ናት፣ ጾሙ አይይዛትም” አሉኝ። “ጠበሉን ግን እሳት እንዳይነካው።”

“አይነካውም አባ። ቅጠሉን በሌላ ውሃ አሟሙቼ ጠበሉን በቀዝቃዛው ነው የምጨምረው።”

“እኔም መጥቼ እጸልይላታለሁ።”

በማግስቱ እንጦጦ ወጣሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ መንገድ እየለቀቅሁ፣ በጀሪካን ቀድቼ ተመለስኩ። አራቱን ቅጠሎች ዘፈዘፍኩ፣ በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሟሁ። የማሟሚያውን ውሃም ከልኩ ውስጥ ቆጥሬ፣ ድምሩ ሁለት ብርጭቆ እስኪሆን ድረስ ጠበሉን ቀስ እያልኩ፣ እንዳይጓጉል እያማሰልኩ ጨመርኩ። የጨመርኩበት ጎድጓዳ ሳህን ገና ግማሽ ነበር። እንደዚያ መሆን ነበረበት።

አባ ሲመሽ መጡ። ጸለዩ፣ እናቴን በመስቀል ዳበሱ፣ ከራሳቸው ጠርሙስ ጠበል ረጯት፣ እኔንም ረጩኝ፣ የቤቱን ግድግዳ ረጩ። ከዚያ ሳህኑን አዩት።

“ይቺን ብቻ?” አሉና ጠርሙሱን አዘቀዘቁበት። እስከ አፉ ሞሉት።

ቆሜ አየሁ። ሁሉም ነገር የተበላሸው በዚያች ቅጽበት ነው፣ እኔም ገና ጠርሙሱ ሲያዘነብል አውቄዋለሁ። ነገር ግን ጠበል የሚያፈስን ቄስ በቃዎት የሚል አፍ የለኝም፤ በእኛ ቤት ጠበል ሲሰጥ ተርፎ ካልፈሰሰ የተሰጠ አይመስልም። ለሁለት ብርጭቆ የለካሁት አራት ብርጭቆ ሆነ። ቅጠሉ ያው አራት ነው። በድስት ጥዶ ውሃውን ማትነን ይቻል ነበር፤ እሳት አይንካው ተብሏል። ሌላ ቅጠል የለም። አማስዬ በረንዳው ላይ አሳደርኩት፤ ብርዱ እንዲበረታ ተመኘሁ። ብርድ ቅጠል እንደማይሆን እያወቅሁ።

ጠዋት እንቅቡን ሳነሳ ረግቶ ነበር፣ የሚችለውን ያህል። ሳህኑን ዘንበል ሳደርገው ሁሉም አብሮ ዘነበለ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ አየሁት፤ ከንፈሬን ሳልገጥም ውሃ ሆነ። ይዤው ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“እማዬ፣ አባ ጨመሩበት። በደንብ አልረጋም። አፍሽ ውስጥ ውሃ ይሆንብሻል፣ ያንቅሻል። ሌላ ቅጠል ደግሞ የለኝም።” ጥጥ በጠበል ነክሬ አሳየኋት። “ከንፈርሽን ላርጥብልሽ?”

ጥጡን በእጇ ገፋችው። አየችኝ፣ ሳህኑን አየች፣ አፏን ከፈተች።

“ሰምተሽኛል?”

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

አገጯን አዘነበልኩ፣ ከማንኪያው ጫፍ ሰጠኋት። የመጀመሪያው ወረደ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ግን አፏ ውስጥ ያዘችው፤ የናፈቀችውን ውሃ ልትቀምሰው ይመስለኛል። ቀለጠና አነቃት። ስታስል ፊቷ ጠቆረ፣ ጀርባዋን እየመታሁ ያዝኳት፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ዘመን ሆነብኝ። ሳህኑን ላነሳ ስነሳ ቀሚሴን ያዘችኝ። አፏን እንደገና ከፈተች።

ሰጠኋት። እያረፈችና እያሳለች፣ ፀሐይ በረንዳው ላይ እስክትደርስ ጨረሰችው። ከዚያ ተኛች፣ ፊቷ እንደዚያ ለስልሶ ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ፈራሁ። ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ፍርሃት ነበር፣ እሱም ብዙ አልቆየም።

በሁለተኛው ቀን አተኮሳት፣ ደረቷ ያንኮራፋ ጀመር። ሆስፒታል ሐኪሙ አዳመጣትና፣ “ቀጭን ነገር ጠጥታለች?” አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። የገና በዓል ሳይደርስ ሞተች።

ለቅሶው ላይ አባ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰዎች ታድላ፣ ጠበሏን ጠጥታ ሄደች ይላሉ። እኔ ዕድርተኞቹን አሳልፋለሁ፣ ተቀመጡ እላለሁ፣ ንፍሮ አዞራለሁ። አባ እጄን ያዙኝ።

“ያን ጠበል ጠጣችው?”

“ጨርሳዋለች አባ።”

“እኔ የጨመርኩላትን ሁሉ?”

“ሁሉንም።”

“በረከቱ እንዲበዛላት ብዬ ነው” አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። “እንደ ልጄ ነበረች።”

የማውቀውን ልነግራቸው እችል ነበር። የሁለት ብርጭቆ ቅጠል አራት ብርጭቆ እንደማይሸከም፣ እሷም ይህን ነግሬያት ሰምታ አፏን እንደከፈተች። አላልኩም። አልተናደድኩባቸውም፤ ለመናደድ የሚሆን ነገር ውስጤ ፈልጌ አጣሁ። ለቅሷቸው ትንሽ በረድ ሲል ተነስቼ ከእንስራው ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። በአንድ ትንፋሽ ጠጡት። ውሃው በጉሮሯቸው ሲወርድ ቆሜ አየሁ፤ ምንም አላነቃቸውም። ብርጭቆውን ተቀብዬ ሌላ ቀዳሁላቸው።