ኪሱ ውስጥ የነበረው እጅ

ይህን ፎቶ እዩት። ጥቁርና ነጭ ነው፤ መዳፍ ያክላል፣ አንድ ጥጉ ተቀዷል። አንድ አናጺ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሟል። አፉን ገጥሟል፣ ቀኝ እጁን በሩ ላይ አሳርፏል፣ ግራ እጁን ኪሱ ከቷል። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል፤ ሌላ ፎቶ የለውም።

ፎቶውን የተቀበለችውን ሴት ሰፈሩ «ቆጣሪዋ» ይላታል። ፎቶ ቤት አላት። ዕድሜዋን ሙሉ በቀጭን ብሩሽ የፎቶ ጭረት ስትደፍን ኖራ፣ አሁን ፎቶ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ከፍታ ጣት ትቆጥራለች። ያውም ጮክ ብላ። «አራት፣ አምስት... ስድስት! ውጣልኝ ከዚህ!»

ፎቶውን ያመጣችው የአናጺው ልጅ ናት። እናቷ መርሳት ጀምረዋል። የልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ። ባላቸውን ግን በየጠዋቱ ከዚህ ፎቶ ላይ ይለዩታል።

«እሱም እንዳይጠፋት ፈራሁ» አለች ልጅቱ። «እጁን እንዲያውለበልብላት አድርጊልኝ።»

«የቱን እጅ?»

«ግራውን። በቀኙ በሩን ይዟል።»

ቆጣሪዋ ፎቶውን የመጀመሪያው ምስል አድርጋ አስገባች። ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ፕሮግራሙ እየገመተ ይሠራዋል። በመጀመሪያው ሙከራ ከኪሱ ስድስት ጣት ወጣ። በሁለተኛው የእጁ አንጓ ከሱሪው ጋር እንደ ሰም ቀለጠ፤ የሸሚዙ ቁልፍም ጠፍቶ ተመለሰ። በሦስተኛው አፉን ከፍቶ ማንም የማያውቀውን ጥርስ አሳየ፤ አራተኛው ሰከንድ ላይ ፊቱ ቀስ እያለ የሌላ ሰው ሆነ።

«ደግሞ ይሄ የማን አጎት ነው?» አለች ቆጣሪዋ።

«አፉ ይገጠም፣ ካሜራው አይነቃነቅ፣ እንቅስቃሴው ይቀንስ» ብላ ጻፈች። ፊቱ ከመንሸራተቱ በፊትም ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ቆረጠችው። ቆጠረች። «አምስት! አለቀ!»

ልጅቱ አለቀሰች። ክሊፑን ስልኳ ላይ አስጫነችው።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ኪስ ውስጥ ያለ እጅ ፎቶው ላይ የለም። ማሽኑ ከሌላ ሰው እጅ የተማረውን አምጥቶ ይለጥፍበታል። ሲያበላሽ እንስቃለን፤ ሲያሳምርልን ግን ማን ይጠይቀዋል?

እናትየዋ መውጣት ስለማይችሉ ቆጣሪዋና ልጅቱ አብረው ቤታቸው ሄዱ። አሮጊቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ ስልኩን ፊታቸው ያዘች። አናጺው እጁን አወጣ፣ አውለበለበ። እንደገና አወጣ፣ አውለበለበ። ቆጣሪዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጣ የአሮጊቷን ፊት ታያለች።

«ማነው ሰውዬው?» አሉ።

«አባዬ ነው እኮ፣ እማዬ። ሰላም እያለሽ ነው።»

«ውሸታም። የኔ ባል እጁን ለማን አውጥቶ ያውቃል?»

ልጅቱ ደንግጣ ፎቶውን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ፎቶውን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ ተመልሰው ፎቶውን አዩ። «ይሄስ... ይሄስ ያው የማላውቀው ሰውዬ አይደለም?» አሉ። ፎቶውን ለልጃቸው ሊመልሱ ዘረጉት።

ቆጣሪዋ ስልኩን ከልጅቱ እጅ ነጥቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እማማ፣ እሱን ይተዉት። የኔ ጥፋት ነው። ፎቶውን ብቻ ይዩልኝ።»

አሮጊቷ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። በመጨረሻ አውራ ጣታቸው ፎቶው ላይ ሄዶ ሄዶ ኪሱ ላይ አረፈ።

«መጋዙ ሁለት ጣቱን ወስዶበታል» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ቀረው። ፎቶ አንሺ ሲመጣ ይደብቃታል፣ የኔ ኩሩ።»

ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆጣሪዋ ቆመች። «ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ዝም አልሽኝ? እኔ እዚያ አምስት እያልኩ ስፎክር!»

«ሙሉ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ» አለች ልጅቱ፣ መሬት መሬት እያየች። «አንድ ቀን እንኳ ሳይደብቅ።»

ቆጣሪዋ ስልኩን ከቦርሳዋ አወጣች። ክሊፑን እዚያው አብረው አጠፉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ፎቶ ይዞ ሲመጣ ጣት ከመቁጠሯ በፊት ትጠይቃለች፦ «እዚህ ላይ የማይታየው ምንድነው?»

ግን ከአሮጊቷ ጭንቅላት ማን ያጥፋው? ልጅቱ እንደምትለው አንዳንድ ጠዋት ፎቶውን ገፋ አድርገው ይጠይቃሉ፦ «ያ እጁን የሚያውለበልበው ዛሬም ይመጣል?» በሩ ሲንኳኳም ይደነግጣሉ።

እባካችሁ፣ የሞተ ሰዋችሁን አንቀሳቅሱልን ከማለታችሁ በፊት፣ አብሮት የኖረውን ሰው ቁጭ አድርጋችሁ ኪሱ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ከሌለ ደግሞ እጁን እዚያው ተዉለት።