«በግል ጉዳይ ምክንያት»

የቢሯችን ሰው ሁሉ ሳቂታ ይላታል፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መኪናው ተገጭቶ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ወደ ኢንሹራንሳችን የሚደውል ደንበኛ እንኳ እሷ ስልኩን ካነሳች ለስልሶ ይዘጋል። እኔ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። የተሠራባትን ሥራ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሐሙስ ከሰዓት ሆስፒታሉ ደወለላት፤ የእናቷ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ለነገ ጠዋት ደርሷል። ሳቂታ ወዲያው ለቡድን መሪያችን ቴክስት አደረገች። የቡድን መሪያችን የምሳ ጓደኛዋና የልብ ወዳጇ ነበረች።

«አንቺዬ፣ እማዬ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ፈርታለች፣ እኔም አልቆልኛል። ነገ የለሁም፣ እንደምንም ሸፍኚልኝ።»

«አይዞሽ የኔ ማር፣ አለሁልሽ» የሚል መልስ መጣ፣ ከነልቡ ምልክት።

ሙሉ ቀን መቅረት ግን የሚፈቅዱት ዳይሬክተሩ ናቸው፣ እሱም በኢሜይል። ሳቂታ ኢሜይሉን ስትጽፍ የቡድን መሪያችን ከጀርባዋ ቆማ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይለቀስም እያለች ታሰርዛት ጀመር። እናቷ ተሰረዙ፣ ኦፕራሲዮኑም ተሰረዘ። የቀረው «ክቡር ዳይሬክተር፣ በግል ጉዳይ ምክንያት ነገ በሥራ ገበታዬ ስለማልገኝ ፈቃድዎን በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚል ብቻ ሆነ። ኧረ ምክንያቱን ጻፊ፣ ማክበር ማለት መደበቅ አይደለም ብል፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ ተባልኩ።

ዳይሬክተሩ የወር መዝጊያ ስለሆነ ጉዳይዎን ለሌላ ቀን ያስተላልፉ ብለው መለሱ። እሳቸው ምን ያድርጉ? የተነገራቸው ይኸው ነው። ሁሉን የምታውቀዋ ግን ደረጃውን ወጥታ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ከእሳቸው ጋር ክፉ ላለመነጋገር ብላ፣ ከላይ የመጣ ነው ምን ላድርግ ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። አለሁልሽ ያለችው እኮ ናት!

ሳቂታ ኮንትራቷ ሊታደስ የደረሰ ስለሆነ ፈርታ፣ ዓርብ ጠዋት ዐይኗ አብጦ ሥራ ገባች። እኔ አላስችል አለኝ፤ እንዳለ ጻፊው አልኳት። ጻፈች።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ትናንት ሳልገልጽልዎ የቀረሁት ጉዳይ እናቴ ዛሬ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው መሆኑን ነው። ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም። የዛሬ ሥራዬን አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ትሸፍንልኛለች። እንድሄድ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

መልሱ ወዲያው ደረሰ፦ «አሁኑኑ ይሂዱ። ትናንት ይህን ጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ እምቢ አልልም ነበር።»

ስትደርስ እናቷ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተዋል። ነርሷ እንደነገረቻት እስከ በሩ ድረስ ልጄ መጣች ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር።

እግዜር ይመስገን፣ እናት ተረፉ። እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ የሳቂታ ስልክ ጮኸ። የቡድን መሪያችን ቴክስት ነው፦ «ማሬ፣ እማዬ እንዴት ሆነችልሽ? ናፍቀሽኛል እኮ።»

ሳቂታ ትንሽ አሰበችና ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ደህና ናቸው። ስለጠየቁኝ በትሕትና አመሰግናለሁ።»