የአክስቴ ማድ ቤትና የእሁድ ጦጣዎች

ይህ መጻፍ የሚገባው ነገር ነው ወይ ብዬ ብዙ አመነታሁ። በዘመኑ ስንት ነገር እያለ ስለ ጦጣ መጻፍ ያሳፍራል። ግን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጦጣ የመጠበቁ ድካም ነው።

አክስቴ የምትኖረው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ፣ ብቻዋን ነው። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቁ ጤፍና ስኳር ስለሚከለከል ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ጦጣዎቹም ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ለመዱት። በቅርንጫፍ ተሻግረው ጣሪያው ላይ ይወርዱና በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ማድ ቤት ይገባሉ። አንድ እሁድ የወሩን ዱቄት ግማሹን መሬት ላይ ደፉት።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየእሁዱ ከሰፈራችን ከዶሮ ማነቂያ ትሰደኝ ጀመር። የእኛ ቀበሌ የሚሰበሰበው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጦጣ ጠብቄ፣ ከሰዓት ተሰብስቤ፣ ማታ አጠናለሁ።

የአክስቴን ሟች ባል ካፖርት በእንጨት ላይ አልብሰን ጓሮ አቆምን። የመጀመሪያውን እሁድ ፈሩት፤ በሚቀጥለው አንዷ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ካሮት በላች። በወንጭፍ ጎመን ውስጥ ያሉትን ሳባርር ሌሎቹ ከኋላዬ ማድ ቤት ገቡ።

«አንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጦጣ ትብለጥህ?» አለችኝ አክስቴ ከስብሰባ ስትመለስ።

«እትዬ፣ እነሱ እኮ ተከፋፍለው ነው የሚመጡት።»

«ታዲያ ከእኛ ስብሰባ የእነሱ ይሻላላ!»

ቅርንጫፉን መቁረጥ ነበረብን፤ ዛፉ ግን የመንግሥት ደን ነው፣ ያለ ፈቃድ አይነካም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ አክስቴ ተነሥታ ተናገረች። ሊቀመንበሩ «እማማ፣ ይህ አጀንዳ አይደለም» ሲላት፣ «ልጄ፣ አጀንዳህንም የምሰማው በልቼ ነው» ብላው አዳራሹ እንደሳቀ ጎረቤቷ ነገረችኝ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው ብቻ እንዲቆረጥ ተፈቀደ።

ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሽቦ መረብ ገዝቼ ተሸክሜ ወጣሁ። ዘለው ጣሪያው ላይ እንዳይደርሱ ቅርንጫፎቹን አርቀን ቆረጥን፤ ክፍተቱን ዙሪያውን በመረብ ሸፍነን በምስማር መታን። ዱቄቱ ክዳን ባለው በርሜል ገባ፤ ልጣጩንም ጓሮ መጣል ትተን መቅበር ጀመርን።

በሚቀጥለው እሁድ መጡ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ጣሪያውን አዩ። በአጥር የገቡት መረቡን ጎትተው ጎትተው ተዉት። ጎመኑን ግን ነጩት፤ እኔም ለመነሣት አቅም አልነበረኝም።

አክስቴ ስትመለስ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች። የበርሜሉን ክዳን ከፍታ ዱቄቱን አየች፣ መልሳ ከደነችው።

«ጎመኑን በሉት፣ እትዬ።»

«ይብሉት። ጎመን ይበቅላል። አንተ ግን በቃ፣ እሁድ አትምጣ፤ ዐይንህ እንቅልፍ ይዞታል፣ ፈተናህን አጥና።»

ዕለቱ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር።