የዘነበወርቅ ምጣድ የቀዘቀዘው ጎን

ዘነበወርቅ በደብረ ብርሃን የሰፈራችን እንጀራ ጋጋሪ ናት። ባሏ ተክለወልድ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው በዚሁ ሥራ ነው። ተክለወልድ የሌላ ቤት እንጀራ አይቀምስም ነበር። ሰርግ ሲጠራ እንኳ ከቤቱ በልቶ ነው የሚሄደው። እኛም «ሙሽራው» እያልን እንስቅበት ነበር።

ሲሞት ዘነበወርቅ ዕድርተኛውን አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ለአርባው የሚቀርበው እንጀራ በሙሉ ከእጇ እንዲወጣ። «ባለ ሐዘን እንዴት ይደክማል?» ያሉ ነበሩ። በኋላ ግን ተስማሙላት።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት አስጠራችኝ። እኔ በሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ እጠግናለሁ። ስደርስ አራት ባልዲ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተደርድሯል። ሰፌዱ ላይ ግማሹ ዓይናማ፣ ግማሹ የተቦጫጨቀ እንጀራ ተጋድሟል። የቀረው ሸክላው ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቋል።

«ጋሼ ሽብሩ፣ ያዘብኝ» አለች።

«ሊጡ ቀጥኖ ይሆናል።»

«ሊጤን ይሰድቡልኝ ጀመር! ስንት ዓመት ያልቀጠነ ዛሬ ይቀጥናል?»

ጎረቤቷ እትዬ ፀዳለ ከበሩ ላይ ሆና «ዓይን ነው። የሰው ዓይን ገብቶበታል» አለች።

«ዓይንም ከሆነ ብዬ ገና ሲነጋ በሳሙና ፈትጌዋለሁ» አለች ዘነበወርቅ።

«ሳሙና? የጠጣውን ዘይት ሁሉ አጠብሽው ማለት ነው!» አልኳት።

«ከመፈተጌ በፊትም ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሦስት ጊዜ በጎመን ዘር አሽቼዋለሁ።»

የቀኝ ጎኑ ታሽቶ ተመልሷል፤ እንጀራውን ይለቃል። ግራው ያንኑ ማሰሻ ተቀብቶም ይይዛል። እንግዲያው ነገሩ የማሰሻ አይደለም። ሙቀቱን ለማየት ጓዳ ካለው ዱቄት ቆንጥሬ ምጣዱ ላይ በተንኩ። በቀኝ በኩል ወዲያው ቡናማ ሆነ። በግራ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሸክላው በደንብ ካልጋለ የሊጡ ሥር ቶሎ አይረጋም፤ ወደ ሸክላው ቀዳዳ ይሰርግና ይጣበቃል። ሙቀቱን እስከ መጨረሻ ጨመርኩት። ያን ጊዜ ቀኙ አረረ፣ ግራው ግን አሁንም ያዘ።

ሶኬቱን ነቅዬ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ገልብጬ የሥሩን ቆርቆሮ ስከፍት ሽቦውን የያዘው ጀሶ ተሰነጣጥቆ እጄ ላይ ረገፈ። በግራ በኩል የሚያሞቀው ጥቅል ሽቦ ከተቀመጠበት ቦይ ወጥቶ፣ ከሸክላው ርቆ ተንጠልጥሏል።

ሥራው የኔ ነው። መስከረም ላይ ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጬ ጣልኩ። የቀረው ቦዩን አልሞላ ሲለኝ በግራ በኩል ለጥጬ አደረስኩት። የተለጠጠ ጥቅል ሙቀቱ ይሳሳል፣ ሲግልም ይረግባል። ይህን አውቅ ነበር። ይቆይልኛል ብዬ ነው ያለፍኩት።

«ዛሬ ይደርሳል?» አለች ዘነበወርቅ።

«ሽቦው ይገኛል። አዲስ ጀሶ ግን ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እርጥቡን ኮረንቲ ብንለቅበት ይይዝሻል።»

«ይያዘኛ!»

«ዘነበወርቅ!»

«አዲስ ምጣድ ብናስመጣስ?»

«ገና ተሟሽቶ ነው? እሱም እስኪለምድ ይይዛል።»

ዞር ብላ ፀዳለን አየቻት። «አንቺ ቤት መጥቼ ልጋግር።»

«አርባው ሳይወጣ የሰው ጓዳ ልትገቢ? ነውር ነው እቴ! ቁጭ በይ፣ እኛ ለምን አለን?»

«እባክሽ ፀዳለ። ጥግ ይዤ እጋግራለሁ። ማንም አያየኝም።»

«እግዜር ያያል» አለች ፀዳለ፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

እኩለ ቀን ሲሆን ሊጡ ከባልዲው አፍ መፍሰስ ጀመረ። ሊጥ ከደረሰ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። የዕድሩ ሴቶች መጥተው አራቱን ባልዲ ለአራት ቤት ተከፋፈሉት። ዘነበወርቅ ነጠላዋን ወደ ታች አዘቅዝቃ እስከ አጥሩ በር ተከተለቻቸው።

«ፀዳለ፣ አታወፍሪው! ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል አዙሪው!»

«ስንጋግር የኖርነው እኮ እኛም ነን!»

አንዷ ሳቀች። ዘነበወርቅም ልትስቅ ሞክራ ተወችው። ተመልሳ ጓዳው ደፍ ላይ ተቀመጠች። ሥራ የፈታው እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። እኔ የተገለበጠው ምጣድ አጠገብ እንደቆምኩ ነኝ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ፣ ጎንበስ ብዬ የረገፈውን ጀሶ መልቀም ጀመርኩ። እሷም አልወቀሰችኝም።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ፀዳለ ቤት፣ ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ ቸስ አለ። አክንባሎው ተከደነ። ዘነበወርቅ ቀና ብላ አዳመጠች፤ ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት። ጥቂት ቆይቶ አክንባሎው ሲነሳ ተሰማ።

«ቶሎ ከፈተችው» አለች።